«ታክሱን እኛ እንችላለን» እያሉ የሚያታልሉን እስከ መቼ ነው?

ሚኪ 22
ባለፈው ሳምንት ኢንተርቪው ሄድኩ። እጄ ላይ 30 ሺህ እንዲገባልኝ እፈልጋለሁ አልኳቸው። ኤችአሯ ፈገግ ብላ «ችግር የለም፣ ታክሱን እኛ እንችላለን» አለችኝ። ዛሬ ኦፈሩ መጣ፤ ግሮስ 42,600 ይላል። 30 ሺህ ላይ 35 በመቶ ታክስና 7 በመቶ ጡረታ ደምረው ነው። እውነት 30 ይገባልኛል?

ደብተር ያዥ
አይገባልህም። 42 በመቶው የሚቆረጠው ከ42,600 ላይ እንጂ ከ30 ሺህ ላይ አይደለም። ታክሱ 14,910 ይመጣና 2,050 ይቀነስለታል፤ 12,860 ይሆናል። ጡረታው 2,982 ነው። እጅህ ላይ የሚገባው 26,758።

የሺ ከሳሪስ
«እንችላለን» ያሉት 3,242 ብሩን አንተ እንድትችለው ነዋ 😂

ባለ ሱቅ
ወዲያው ሌባ ማድረግ ምንድነው? እኔም 11 ሠራተኛ አለኝ፤ ፔሮል የምሠራው ራሴ ነኝ። ልጅቷ ተሳስታ ይሆናል። ሠራተኛም ግሮስ ብሎ ቢደራደር ይሄ ሁሉ ጣጣ አይመጣም ነበር። «እጄ ላይ» የሚል ድርድር የት አገር ነው ያለው?

የሺ ከሳሪስ
እዚሁ አገር ነው ያለው አለቃ። የቤት ኪራይ የምንከፍለው በግሮስ አይደለም።

ፈጣኑ
አታካብዱት። 30 ሺህን ለ0.58 ማካፈል ነው፤ 51,724። እኔ ሁሌም እንደዚያ ነው የምጠይቀው።

ደብተር ያዥ
ፈጣኑ ግማሹን አግኝተሃል። ከ14 ሺህ በላይ ካለው ከእያንዳንዱ 100 ብር 35ቱ ለታክስ፣ 7ቱ ለጡረታ ይሄዳል፤ 58ቱ ይቀራል። እስከዚህ ልክ ነህ። የረሳኸው 2,050ዋን ነው። የመጀመሪያው 2,000 ብር ታክስ የለበትም፤ እስከ 14 ሺህ ያለውም በ15፣ በ20፣ በ25 እና በ30 ነው የሚቆረጠው። ሁሉንም በ35 ከመታነው በኋላ የምንመልሰው ልዩነት ነው 2,050።

ስለዚህ መጀመሪያ ከ30 ሺህ ላይ 2,050 አንሳ። 27,950 ይቀራል። ያንን ለ0.58 አካፍል፤ 48,189.66። አሁን ወደፊት አስላው። ታክስ 14,816.38፣ ጡረታ 3,373.28። ሲቀነስ ድፍን 30 ሺህ።

በ51,724 ብትቀጠር 32,050 ነበር የሚገባልህ። ትርፉ ልክ 2,050 ከሆነ ሰውየው የት እንደሳተ ወዲያው ታውቃለህ።

ፈጣኑ
2,050 ትርፍ አግኝቼ «ተሳስተሃል» ስባል የመጀመሪያዬ ነው። ስህተቴ ይቀጥል!

ባለ ሱቅ
እኔ ግን በደብተር ያዥ ሒሳብ 49,137.93 ነው የሚመጣልኝ። ኤክሴሌ ለዓመታት ሠርቷል፣ አልተሳሳተም።

ደብተር ያዥ
ኤክሴልህ ላይ 2,050 ሳይሆን 1,500 ነው ያለው አይደል? የድሮው ሰንጠረዥ ነው፤ ነጻው 600 ብር የነበረበት። ከሐምሌ 2017 ጀምሮ ተቀይሯል። ሠራተኞችህን በዚያ እየቆረጥክ ከሆነ ከ14 ሺህ በላይ ከሚያገኘው እያንዳንዱ ሰው በየወሩ 550 ብር ያለአግባብ እየወሰድክ ነው።

ባለ ሱቅ
የመቁረጫው ሌላ ፋይል ነው። እሱ ተስተካክሏል።

የሺ ከሳሪስ
እሺ 😏

ዱባይ ነዋሪ
ወንድሞቼ እዚህ ደመወዝ ላይ ታክስ የሚባል የለም። 30 ካሉህ 30 ነው። ኑ!

ሚኪ 22
ቪዛውን ላክልኝ እመጣለሁ።

ፋሲካ
እኔ እጄ ላይ 9 ሺህ ነው የምፈልገው። በደብተር ያዥ ቀመር 11,983 አወጣሁ። ትክክል ነኝ?

ደብተር ያዥ
ላንቺ አይሆንም እህቴ። 11,983 ከ14 ሺህ በታች ስለሆነ ደረጃሽ 30 በመቶ ነው። ያንን ብትጠይቂ 100 ብር ገደማ ይጎድልብሻል። በእጅ የምትፈልጊው ከ7,650 እስከ 10,170 ከሆነ መጀመሪያ 1,350 አንሺ፣ ከዚያ ለ0.63 አካፍዪ። ላንቺ 12,142.86 ይመጣል። መልሱ ከደረጃው ከወጣ የተሳሳተ መስመር ይዘሻል ማለት ነው።

የሺ ከሳሪስ
አሁን ወደ «እንችላለን» ልመለስ፤ እኔን ያቃጠለኝ ቃል ስለሆነ። የኔ ስምምነት በኔት ነው። አንድ ድርጅት ውስጥ ነኝ፣ ስሙን ተዉት። ሐምሌ 2017 ታክሱ ሲቀንስ በግሮስ የተቀጠሩት ጓደኞቼ 550 ብር ጨመረላቸው። እኔ ፔይስሊፔን ከፈትኩ፣ ያው 30 ሺህ። ስጠይቅ «አንቺ እኮ ታክስሽን የምንችለው እኛ ነን» አሉኝ። መንግሥት ለኔ የቀነሰውን እነሱ ቻሉት!

ባለ ሱቅ
ልክ ናቸዋ! ታክስ ጨምሮ ቢሆን ከኪሳቸው የሚከፍሉት እነሱ ነበሩ። ሲጨምር የነሱ፣ ሲቀንስ ያንቺ ይሁን ነው የምትዪው?

የሺ ከሳሪስ
ሲጨምር የት አየህ?

ባለ ሱቅ
ቁም ነገሩ እሱ አይደለም። ስምምነት ስምምነት ነው።

ደብተር ያዥ
እዚህ ላይ ባለ ሱቅ ሙሉ በሙሉ ስህተት አይደለም። ግን ድርጅቱ የቀረለት 550 ብር ብቻ አይደለም። ለየሺ 30 ሺህ ለማድረስ ድሮ 49,138 ግሮስ ያስፈልግ ነበር፤ አሁን 48,190 ይበቃል። በወር 948 ብር ቀረለት። የአሠሪው 11 በመቶ ጡረታ ደግሞ ከዚያው ላይ ስለሚሰላ እሱም አብሮ ቀነሰ። ይሄ የሚሆነው ግን ግሮሱን ዝቅ ካደረጉት ነው። የሺ፣ የተፈረመው ወረቀት ላይ የተጻፈው የቱ ነው? ግሮስ 49,138 የሚል ካለ «እኛ እንችላለን» የቃል ወሬ ነው፤ ደመወዝሽን ቀንሰዋል።

የሺ ከሳሪስ
ወረቀቱ «የተጣራ 30,000» ይላል። ግሮስ የሚል የለበትም።

ደብተር ያዥ
እንግዲያው አስቸጋሪ ነው። ፔይስሊፕሽ ላይ ጡረታ የተቆረጠበትን ቤዚክ ግን እይ። እሱ ከወረደ የወደፊት ጡረታሽ የሚሰላበትም አብሮ ወርዷል። በእጅሽ ያው 30 ሺህ ስለሆነ አይታይሽም።

ፈጣኑ
አሁን ካልክ አይቀር አንድ ዘዴ አለ። ቤዚክ 36,983 አድርጎ 10 ሺህ የቤት አበል ይጨመርለት። አበሉ ታክስ እንጂ ጡረታ አይቆረጥበትም። ጠቅላላው 46,983 ይሆናል፣ እጁ ላይ ያው 30። ድርጅቱም ይቀንስለታል።

ደብተር ያዥ
ሒሳቡ ልክ ነው፤ በዚህኛው አልከራከርህም። ጡረታ ስትወጣ ግን ያ 10 ሺህ አይቆጠርልህም።

ፈጣኑ
ጡረታ እስክወጣ ብሩ ምን ሊገዛ ነው?

የሺ ከሳሪስ
ይሄን ያለው ትርፍ 2,050 የሚቀበለው ሰው ነው።

ባለ ሱቅ
እኔ አሁንም የምለው፣ ሚኪ ግሮስ ብሎ ቢጠይቅ ኖሮ ይሄ ሁሉ አይመጣም ነበር።

ሚኪ 22
ደውዬላት መጣሁ። 48,190 ብዬ ሒሳቡን በወረቀት ላኩላት። «ይሄ እኮ ከ30 ሺህ ላይ 60 በመቶ ጨመርን ማለት ነው፣ ለማኔጅመንት ይከብዳል» አለች። ታክሱን እንችላለን ብላችሁ አልነበር ስላት «ታክሱን ብለን እንጂ ጡረታውን አላልንም» አለችኝ።

የሺ ከሳሪስ
ባለ ሱቅ፣ ልጅቷ ያንተ ሠራተኛ ናት እንዴ?

ባለ ሱቅ
የኔ ብትሆን ኖሮ የድሮውን ኤክሴል ነበር የምትጠቀመው 😂