ለቀጣሪዋ ኃላፊ የምልከው አጭር ማስታወሻ ላይ ተጣብቄያለሁ

ሰላም ለሁላችሁ። የሒሳብ ባለሙያ ነኝ፣ በአንድ የቁጠባ ማኅበር እሠራለሁ። ከድሮም ሥራውን የማደንቀው የሞባይል ክፍያ ድርጅት የሒሳብ ክፍት ቦታ አወጣና በድረ ገጹ አመለከትኩ። የክፍሉን ኃላፊ ሊንክድኢን ላይ አገኘኋት። አንተዋወቅም።

የእኔ አካውንት ነፃው ስለሆነ ከግንኙነት ጥያቄው ጋር የሚሄደው ማስታወሻ ከ200 ፊደል አያልፍም፣ በቃላት መካከል ያለው ባዶ ቦታም ይቆጠራል። መጀመሪያ የጻፍኩት የሲቪዬ ማጠቃለያ ነበር፤ የሥራ ልምዴን ሳልጨርስ ቦታው አለቀ። ጓደኛዬም አይቶት «ይሄ ለማንም የሚላክ ነው» አለኝ። እውነቱን ነው። አሁን ያለኝ ይሄ ነው፦

«ጤና ይስጥልኝ። ባለፈው ሳምንት ስለ ሒሳብ ማስታረቅ የጻፉትን አነበብኩ። እኔም በቁጠባ ማኅበር ውስጥ የየዕለቱን የሞባይል ክፍያ ከባንክ መግለጫ ጋር አስታርቃለሁ። ለከፈቱት የሒሳብ ባለሙያ ቦታ አመልክቻለሁ። ብንገናኝ ደስ ይለኛል።»

ይገባል፣ እንዲያውም ቦታ ይተርፋል። የከበደኝ አራተኛው ዓረፍተ ነገር ነው። ጓደኛዬ «አውጣው፣ ገና ሳትተዋወቁ ሥራ ልትለምናት እንደመጣህ ታስባለች» ይላል። እኔ ደግሞ ካወጣሁት ጥያቄውን ለምን እንደላክሁ የሚነግራት ነገር የለም፤ ሳትቀበለኝ ደግሞ ሌላ መልእክት መጻፍ አልችልም። ከተላከ በኋላ ማስታወሻው አይታረምም። ጥያቄውን ብሰርዘው እንኳ ለእሷ ድጋሚ ለመላክ እስከ ሦስት ሳምንት መጠበቅ አለብኝ፣ ማመልከቻው ደግሞ ከዚያ በፊት ይዘጋል። ስለዚህ ዕድሉ አንድ ነው።

ሠራተኛ የምትቀጥሩ ወይም በዚህ መንገድ የተቀጠራችሁ፣ ማመልከቴን ማስታወሻው ላይ ልንገራት ወይስ ከተቀበለችኝ በኋላ ልጻፍላት?