ቴቬኒን ላይ 16 ዋት የት ገባ?

ሰላም የድሬ ልጆች፣ ኤሌክትሪካል የተማራችሁ ካላችሁ እስቲ እርዱኝ። ከዚራ ጥላ ሥር ቁጭ ብዬ የምሠራው ጥያቄ አላስተኛ ብሎኛል።

ሰርኪዩቱ ቀላል ነው። 12 ቮልት ምንጭ አለ፣ ከእሱ ጋር በሲሪየስ 6 ኦም፣ ቀጥሎ ወደ ግራውንድ 3 ኦም። ሎዱ የሚገባው በ3 ኦሙ ጫፎች ላይ ነው። ሎዱ ሲወጣ እዚያ 4 ቮልት አለ። ምንጩን ሾርት አድርጌ ስመለከት 6 እና 3 በፓራለል 2 ኦም ይሆናሉ። ስለዚህ ቴቬኒኑ 4 ቮልት ከ2 ኦም ጋር ነው። 2 ኦም ሎድ ሳስገባ 1 አምፒር ያልፋል፣ 2 ዋት ይወስዳል። በ1 ኦምም በ4 ኦምም ስሞክረው ወደ 1.78 ዋት ወረደ። እስከዚህ ሰላም ነው።

ችግሩ እዚህ ጋ ነው። በከፍተኛው ኃይል ላይ ግማሹ ለሎዱ፣ ግማሹ ለውስጥ ሬዚስተሩ ነው ይባላል። በቴቬኒኑ ልክ ነው፤ 2 ዋት እና 2 ዋት። ወደ ዋናው ሰርኪዩት ስመለስ ግን ምንጩ 1.67 አምፒር፣ ማለትም 20 ዋት ይሰጣል። 6 ኦሙ ብቻውን 16.7 ዋት ያህል ያቃጥላል፣ 3 ኦሙ 1.3። ሎዱ የደረሰው 10 በመቶ ብቻ ነው!

የገረመኝ ደግሞ፣ ውስጥ የሚቃጠለው 18 ዋት ከቴቬኒኑ 2 ዋት የሚበልጠው በ16 ነው። ሎዱ ሙሉ በሙሉ ሲወጣም ዋናው ሰርኪዩት የሚያቃጥለው ልክ 16 ዋት ነው። አጋጣሚ ነው ወይስ ሁሌም እንዲህ ነው? ቴቬኒን ለሎዱ ብቻ እንጂ ለውስጡ ብክነት አይሠራም ማለት ነው? ማረጋገጫውን በቀላሉ የሚያሳየኝ ካለ ይጻፍልኝ።