ባጃጁ ላይ ያለው አርስቶትል፦ «ጥቅስ» ነው ወይስ «አባባል»?

የኮዬዋ
ሰላም ለሁላችሁ። ዛሬ ጠዋት ከኮዬ ፈጬ ወደ ቱሉ ዲምቱ ስንሄድ መንገዱ ተዘጋግቶ ሃያ ደቂቃ ያህል ቆምን። ከፊታችን ያለው ባጃጅ የኋላ መስታወቱ ላይ እንዲህ ተለጥፏል፦ «ደጋግመን የምናደርገውን ነን። ልቀት ድርጊት ሳይሆን ልማድ ነው። አርስቶትል»። ሌላ የማየው ስላልነበረኝ ደጋግሜ አነበብኩት። ሁለት ነገር ልጠይቃችሁ። «ልማድ» የሚለው ቃል እዚህ ቦታ ይሄዳል? እኔ ልማድ ሲባል ቶሎ የሚመጣልኝ «ክፉ ልማድ ያሰርቃል ከዘመድ» ነው። ደግሞስ እንዲህ ያለውን «ጥቅስ» ነው የምንለው «አባባል»?

ፊደል ጠባቂ
«ልህቀት» ነው መባል ያለበት። የልህቀት ማዕከል እንደምንለው። «ልቀት» አሁን በዜና ሲነገር የምንሰማው ለጭስ ነው፣ የካርቦን ልቀት ምናምን።

የኮዬዋ
እሺ፣ አመሰግናለሁ፤ ጥያቄዬ ግን «ልማድ» ላይ ነበር።

ጡረተኛው መምህር
የኔ ልጅ፣ ከቃሉ በፊት ባለቤቱን እናጥራ። ይህን አርስቶትል አላለም። ዓረፍተ ነገሩ የአሜሪካዊው ጸሐፊ የዊል ዱራንት ነው። በ1926 እ.ኤ.አ. ባሳተመው የፍልስፍና ታሪክ መጽሐፉ ውስጥ የአርስቶትልን ሥነ ምግባር ሲያብራራ የጻፈው ነው።

ስህተቱ ከየት እንደገባ ገጹን ሲያዩት ቁልጭ ብሎ ይታያል። ዱራንት መጀመሪያ ከአርስቶትል አንድ ሐረግ በትእምርተ ጥቅስ ያስገባል፤ በጎ ምግባር በሰው ላይ የሚያድረው ሥራውን በመሥራት ነው የሚል ነው። ትእምርተ ጥቅሱን ይዘጋል። ከዚያ በራሱ ቃል «ደጋግመን የምናደርገው ነው እኛን የሚያደርገን» የሚለውንና ስለ ልማድ የሚያወራውን ይጽፋል። ወዲያው ደግሞ ሌላ ትእምርተ ጥቅስ ይከፍትና ወደ አርስቶትል ይመለሳል፤ አንዲት ወፍ ስለታየች ጸደይ ገባ አይባልም፣ አንድ ቀንም ሰውን ብፁዕ አያደርግም ወደሚለው። እንግዲህ የዱራንት ቃል በሁለት የአርስቶትል ቃሎች መሃል ተሰንቅሮ ነው ያለው። ምዕራፉ ስለ አርስቶትል፣ ከላይ አርስቶትል፣ ከታች አርስቶትል። ከመሃል መዝዞ የጻፈ ሰው ምልክቶቹን ካላስተዋለ ሌላ ስም አይመጣለትም።

ቀጥታ ተናጋሪ
ታዲያ ዱራንት ነዋ ያሳሳተው! ደግሞ ሐሳቡ የአርስቶትል ከሆነ ምን ለውጥ አለው? እኔ አሁን የእናቴን ምክር በራሴ ቃል ባወራ «እናቴ ያለችው ነው» ብል ዋሸሁ እንዴ?

ጡረተኛው መምህር
አልዋሸህም። ግን «ቃሏ ይህ ነው» ብለህ ብትጽፈው ያስጠይቅሃል። ዱራንት ደግሞ ጥፋት የለበትም፤ የአርስቶትል የሆነውን በምልክት ለይቷል፣ ከየትኛው ክፍል እንደወሰደውም በግርጌ ጽፏል።

ለውጥ አለው ወይ ላልከው፣ አለው። አርስቶትል ራሱ በሥነ ምግባር መጽሐፉ ሁለተኛ ክፍል፣ ምዕራፍ አራት ላይ፣ መልካም ሥራ መሥራት ብቻውን መልካም ሰው አያሰኝም ይላል። ሰውየው የሚሠራውን ማወቅ አለበት፤ ለሥራው ለራሱ ሲል መርጦት መሆን አለበት፤ ከጸናና ከማይናወጥ ጠባይ የመነጨም መሆን አለበት። ባጃጁ ላይ ያለው ግን መደጋገሙን ብቻ ነው የያዘው። ማወቁና መምረጡ ወድቀዋል። በየቀኑ ማልዶ ተነሥቶ የሚሮጥ ሰው ያንን ጽሑፍ ሲያነብ አርስቶትል የመሰከረለት ይመስለዋል። አርስቶትል ግን ለምን ትሮጣለህ ብሎ ይጠይቀው ነበር።

የስቲከር ቤቱ
እኔ ጣፎ ስቲከር እቆርጣለሁ፤ እንዴት እንደሚሄድ ልንገራችሁ። ሰው የሚመጣው ስልኩ ላይ ፎቶ ይዞ ነው። ጢማም ሐውልት፣ ጽሑፍ፣ ከሥሩ ስም። ፎቶው እጅ በእጅ ሲዘዋወር የመጣ ስለሆነ ጠርዙ ደብዝዟል፣ መጀመሪያ ማን እንደሠራው አይታወቅም። እኔ ያየሁትን ነው የምገለብጠው። ትእምርተ ጥቅስ አልቆርጥም፤ ትንንሽ ስለሆነ ቶሎ ይላጣል። የባጃጅ መስታወት ሁለት መስመር ተኩል ቢይዝ ነው። «ዊል ዱራንት ስለ አርስቶትል ሲያብራራ እንደጻፈው» ካልኩ ባለቤቱ ከነገሩ ይረዝማል።

አንዴ አንድ ደንበኛ አጎቱ ዘወትር የሚሉትን ነገር አስቆረጠ። ስም አልነበረውም። በሳምንቱ ተመልሶ መጣ። ተሳፋሪው ሁሉ «የማን ነው?» እያለ ስለጠየቀው «ሶቅራጥስ ጨምርልኝ» አለኝ። ጨመርኩለት። እስካሁን ይከነክነኛል፤ አጎቱ በሕይወት አሉ እኮ።

የመሪጌታ ልጅ
የኮዬዋ፣ ወደ ጥያቄሽ ልመልስሽ። «ጠቀሰ» በዓይን ወይም በጣት ማመልከትም ነው። ጥቅስ ያልነው ነገር የሚያመለክትበት ቦታ ሊኖረው ይገባል፤ ይህ መጽሐፍ፣ ይህ ምዕራፍ የሚል። «አባባል» ግን «አለ» ከሚለው የወጣ ስለሆነ ባለቤት አይጠይቅም። አበው ሲተርቱ ብለን እናልፋለን፣ ማንም «የትኛው አባት?» አይለንም። የስቲከር ቤቱ ደንበኛ አጎት ነገር አባባል ነበር፤ ስም ሲለጠፍበት ጥቅስ መሰለ።

ነገሩ አዲስ እንዳይመስላችሁ። በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ከዐረብኛ ወደ ግዕዝ የተመለሰው መጽሐፈ ፈላስፋ የጠቢባን ንግግር ስብስብ ነው። ብዙው ንግግር ባለቤቱ «ጠቢብ» ብቻ ነው፤ ጠቢብ እንዲህ አለ ብሎ ይጀምራል። ይሄን እወድለታለሁ። የፕላቶንና የሶቅራጥስ ስም የተጻፈባቸውን ግን ሁሉንም ማመን አይቻልም። ንግግሮቹ እኛ ጋ ከመድረሳቸው በፊትም ከግሪክ ወደ ዐረብኛ፣ ከስብስብ ወደ ስብስብ ሲገለበጡ ስማቸው ተቀያይሯል።

ቀጥታ ተናጋሪ
እሺ፣ እንግዲያው እኔ ፍልስፍና ያልተማርኩት ሰውዬ በምን ልለይ?

ጡረተኛው መምህር
ለአርስቶትል ቀላል መንገድ አለ። በ1831 እ.ኤ.አ. በርሊን ላይ ከታተመው ከቤከር እትም ጀምሮ ሥራዎቹ የሚጠቀሱት በዚያ እትም ገጽና ዓምድ ነው። የወፏ ነገር ገጽ 1098፣ የግራው ዓምድ ላይ አለ፤ ማንም ሄዶ ያገኘዋል። ስለ ልማዱ ዓረፍተ ነገር ቁጥር ስጡኝ ብትል የሚሰጥህ የለም። ከጽሑፉ ሥር ስም ብቻ ካለ፣ መጽሐፍና ቁጥር ከሌለው፣ ቆም በል።

እኔም አለሁበት። ክፍል ውስጥ «አርስቶትል እንዲህ ይላል» ብዬ በራሴ ቃል አብራራለሁ፤ በፈተና ወረቀት ላይ የራሴ ቃል በትእምርተ ጥቅስ ተከቦ «አርስቶትል» ተብሎ ይመጣልኛል። አማርኛችን «እንዲህ አለ» ሲል ቃሉን ይሁን ሐሳቡን አይለይም። ከዚያ ወዲህ «እንደ አርስቶትል ሐሳብ» ማለት ጀመርኩ።

ፊደል ጠባቂ
እኔም አንድ ልጨምር። «የምናደርገውን ነን» አማርኛ አይደለም። ከእንግሊዝኛ ቃል በቃል የተነሣ ነው። ከግሪክኛ የተረጎመ ሰው ቢሆን ኖሮ «ልማድ» ላይ ቆሞ ያስብ ነበር። የግሪኩን ቃል መምህር «የጸና ጠባይ» አሉት መሰለኝ። እኔ «ጠባይ» አልስማማም፤ ጠባይ አብሮን የተወለደ ነው፣ ይሄ ግን በሥራ የሚገኝ ነው።

ጡረተኛው መምህር
«ጠባይ አወጣ» እንላለን እኮ። ካልወጣ የተወለደ አይደለም።

ፊደል ጠባቂ
እሱ ቁጣ ነው፣ ጋሼ። ሌላ ነው። ላስብበት።

የኮዬዋ
ማታ ስመለስ ያንኑ ባጃጅ ቱሉ ዲምቱ አደባባይ ጋ ቆሞ አገኘሁት። ሾፌሩን «ወንድሜ፣ ይሄን ከየት አገኘኸው?» አልኩት። «እኔ አይደለሁም ያስለጠፍኩት» አለኝ። «ባጃጁን ስገዛው ነበረበት። ከእኔ በፊት የያዘውም ተለጥፎ ነው ያገኘሁት ብሎኛል።»