«ያ ቮይ» እና «ያ ሜ ቮይ» አምታቱኝ፣ እርዱኝ

ሰላም፣ ስፓኒሽ የምትችሉ እባካችሁ እርዱኝ። ማድሪድ ምግብ ቤት ነው የምሠራው። ትናንት ሥራ ጨርሼ ጃኬቴን ለብሼ «ያ ቮይ» አልኩ፣ «በቃ ሄድኩ» ማለቴ ነበር፣ ባልደረባዬ ግን ወደ እሷ የምመጣ መስሏት ቆማ ጠበቀችኝ። ለካ «መጣሁ» ማለት ነው! «ያ ሜ ቮይ» ነበር ማለት የነበረብኝ።

ሌቫንታርና ሌቫንታርሴ አላስቸገሩኝም፣ እንደኛው «አነሳ» እና «ተነሳ» ናቸው። ኢርሴ ላይ ግን «ሜ» ምን ይሠራል? ካለሁበት መልቀቄን ነው የሚያሳየው? ታዲያ መድረሻውን ስጠራ፣ «ቮይ ኣ ካሳ» እና «ሜ ቮይ ኣ ካሳ» በምን ይለያያሉ?

ፖነርሴማ ባሰብኝ። ከጃኬት ጋር «ለበሰ»፣ «ፖነርሴ ሮሆ» ሲሆን «ቀላ»፣ «ፖነርሴ ኣ ዮራር» ሲሆን «ማልቀስ ጀመረ»። የሚያገናኛቸው ሐሳብ አለ ወይስ አንድ በአንድ ልሸምድድ?