የቤት ኪራይ ቁጥጥር ተከራዩን ይጠቅማል ወይ? ለሰኞው ክርክር

ሜሮን፦ ድሬዳዋ ነኝ፣ 11ኛ ክፍል። ሰኞ «የቤት ኪራይ ቁጥጥር ውሎ አድሮ ተከራዩን አይጠቅምም» ብዬ እንድከራከር ደርሶኛል። እኛ ራሳችን ተከራይ ስለሆንን ልቤ አልቆረጠም። ሦስት ደቂቃ ነው ያለኝ። በምን ልጀምር?

ሮቤል፦ አቦ ቀላል ነው! በ2016 የወጣው አዋጅ ጭማሪ ከለከለ። ጭማሪ ከተከለከለ አከራይ ቤቱን ይዘጋል። በቃ።

ጋሽ ታደሰ፦ ሮቤል፣ ግማሹን ነው የያዝከው። አዋጅ 1320 ጭማሪ አልከለከለም። በዓመት አንዴ እንዲሆንና መጠኑን ተቆጣጣሪው አካል እንዲወስን ነው ያደረገው። ውሉ ከ2 ዓመት አያንስም፣ ቅድሚያ ክፍያው ከ2 ወር አይበልጥም። ሜሮንዬ፣ እዚህ ጋ ከተሳሳትሽ ተቃዋሚሽ ሌላውንም ንግግርሽን አያምንም።

እኔ ብሆን በሳን ፍራንሲስኮ እጀምራለሁ። በ1994 እ.ኤ.አ. ሕዝቡ ድምፅ ሰጥቶ ቁጥጥሩን ወደ ትናንሽ የኪራይ ሕንፃዎች አሰፋው። ግን ከ1980 በፊት የተሠሩትን ብቻ ነው የነካው። አንድ መንገድ ላይ ያሉ ሁለት ሕንፃዎች፣ አንዱ በሕጉ ውስጥ፣ ሌላው ውጪ ማለት ነው። የስታንፎርድ ተመራማሪዎች እነዚህን ጎን ለጎን አይተው ሁለት ነገር አገኙ። በቁጥጥሩ ሥር ያሉት ተከራዮች እዚያው አድራሻ የመቆየት ዕድላቸው በግልጽ ጨመረ። ባለቤቶቹ ደግሞ ቤቱን ለሽያጭ ቀየሩት ወይም አፍርሰው ሠሩት። በእነዚያ ሕንፃዎች የሚከራየው ቤት በ15 በመቶ አነሰ። በከተማው በሙሉ ደግሞ ኪራይ ወደ 5 በመቶ ተወደደ። ቤት ውስጥ ያለው ተጠቀመ፣ ቤት የሚፈልገው ከፈለ።

ፈቲያ፦ ጋሼ፣ እኔ ግን ቤት ውስጥ ያለሁት ነኝ። አምና አከራዬ «ልጄ ሊያገባ ነው፣ ልቀቂ» አለችኝ። ሦስት ልጆች ይዤ፣ በግንቦት ሙቀት፣ ፍሪጁን በጋሪ ጭኜ ወጣሁ። በወሩ እዚያው ክፍል በር ላይ የሌላ ሰው ጫማ አየሁ። የእሷ ልጅ አላገባም። ያኔ ውል ቢኖረኝ ኖሮ ለ15 በመቶው አልጨነቅም ነበር።

ጋሽ ታደሰ፦ ፈቲያ እህቴ፣ ያንቺ ነገር ከዋጋው ይልቅ ከማስለቀቁ ይያያዛል። ዋጋውን ሳይነኩ ያለ ምክንያት ማስለቀቅን ብቻ መከልከል ይቻላል። ሜሮን ይሄን ብትለይ ንግግሯ ይጠነክራል።

እትዬ አስቴር፦ ስንት ይሁን ነው የምትሉት? ሳቢያን አካባቢ ሦስት ክፍል አከራያለሁ። ማንንም በዝብዤ አላውቅም!

ጋሽ ታደሰ፦ እትዬ፣ ዋጋ እየተመንን አይደለም። ግን የእርስዎን ግቢ ምሳሌ ላድርገው። አንዱ ክፍል 4,000 ብር ነው እንበል። የተፈቀደው ጭማሪ በዓመት 10 በመቶ ቢሆን በሦስት ዓመት 5,324 ይደርሳል። ቆርቆሮው፣ ሲሚንቶው፣ የአናጺው ቀን ሒሳብ በዓመት 20 በመቶ ቢጨምር ግን ተመጣጣኙ 6,912 ነው። በወር ወደ 1,600 ብር ይጎድላል። መጀመሪያ የሚቀረው ጣሪያውን ማደስ ነው።

እትዬ አስቴር፦ እሱስ እውነት ነው። ዘንድሮም አልቀየርኩትም።

ሮቤል፦ የቀበሌ ቤት እኮ ይሄው ነው!

ጋሽ ታደሰ፦ ይመሳሰላል። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ትርፍ ቤት ተወረሰ፣ ኪራዩም ተቀነሰ። ለብዙ ደሃ እፎይታ ነበር፣ ይሄን አትካጂ ሜሮን። ነገር ግን የግለሰብ ማከራየትም ታገደ፣ ኪራዩ ደግሞ ለጥገና አልበቃም። ግድግዳው ሲያዘምም የሚያቆመው ጠፋ። ያ ግን ውርስ ነው፣ ከዛሬው ቁጥጥር ጋር አንድ አድርገሽ አታቅርቢው።

ሜሮን፦ እሺ ጋሼ። እንዲህ ጻፍኩ፦

«ከዚራ የሚኖር ቤተሰብ ዘንድሮ ኪራዩ ካልጨመረበት ደስ ይለዋል። ደስታው እውነተኛ ነው፣ አልክድም። እኔ የምጠይቀው ግን በሚቀጥለው ዓመት ከጭሮ ለሥራ ስለሚመጣው ወጣት ነው። ቤቱን የያዘው አይለቅም፣ አዲስ ክፍል የሚሠራው ይቀንሳል። ወጣቱ የተገኘችውን አንዲት ክፍል የሚያገኘው ምናልባት ከውሉ ውጪ በእጅ ከፍሎ ነው። የሳን ፍራንሲስኮም ሕግ ነባሩን ጠበቀ፣ የሚከራየውን ቤት ግን አሳነሰ። ፍርሃታችን በድንገት መባረር ከሆነ እሱን በቀጥታ እንከልክል። ዋጋውን ስናስር ግን ቤት አይጨምርም።»

ፈቲያ፦ ጥሩ ነው። ግን አንድ ነገር ቀርቶሻል። አከራይ እንዳሻው መጨመር ከቻለ «ውጡ» ማለት አያስፈልገውም። እጥፍ ያደርገዋል፣ እኔው ራሴ እወጣለሁ።

ጋሽ ታደሰ፦ ይሄ ከባድ ነው። ለዚህ ነው አንዳንዶች ቁጥጥሩ ላላ ያለ ይሁን፣ አዲስ የተሠራ ቤትም ነፃ ይሁን የሚሉት። በሳን ፍራንሲስኮም ቢሆን ባለቤቶቹ ቤቱን ወደ ሽያጭ ማዞር ባይችሉ ኖሮ ውጤቱ ይለይ ነበር የሚል አለ።

ሜሮን፦ እትዬ ፈቲያ፣ ተቃዋሚዎቼ ይሄን ካነሱ ምን እላለሁ?

ፈቲያ፦ እኔ እንጃ ልጄ። እኔ ከእነሱ ጋር ነኝ።