ጥቆማ፦ ስለ ማር ንግዴ የሚጽፍልኝ ማንን ልምረጥ?

ጠያቂዋ

የተከበራችሁ ወገኖች፣ አዲስ አበባ ውስጥ ማር እያሸግሁ የምሸጥ ነጋዴ ነኝ። ነጩን ማር ከላስታ፣ ጠቆር ያለውን ደግሞ ከከፋ አስመጣለሁ። ስለ ድርጅቴ ጥሩ ጽሑፍ የሚያዘጋጅልኝ ባለሙያ እየፈለግሁ ሦስት አማራጮች አግኝቻለሁ። አንደኛው ለብቻው የሚሠራ ጸሐፊ ሲሆን የሚያስከፍለው በገጽ ነው። ሁለተኛው ማተሚያ ቤት ነው፤ ብሮሹሩን እነርሱ ዘንድ ካሳተምሁ ጽሑፉንም ዲዛይኑንም እንደሚያዘጋጁልኝ ነግረውኛል። ሦስተኛው የማስታወቂያ ድርጅት ሲሆን፣ የቴሌግራምና የፌስቡክ ገጼን ይዞ በወር ክፍያ ሊጽፍልኝ ይፈልጋል። ባለፈው ዓመት አንድ ሰው አራት ገጽ ጽፎልኝ ነበር። አማርኛው ያማረ ነበር፤ ሆኖም ለባንክ ሳቀርበው ገልበጥ አድርገው መለሱልኝ፣ ገጼ ላይ ስለጥፈውም አንድ ሰው እንኳ አልደወለም። ከሦስቱ የትኛውን ትመክሩኛላችሁ?

የልብስ መደብር ባለቤት

እኔ ሦስተኛውን እመርጣለሁ። ዛሬ አራት ገጽ የሚያነብ ሰው የለም። የማሩን ፎቶ፣ ዋጋውን በኪሎ፣ ስልክ ቁጥርና ሱቁ የሚገኝበትን ቦታ ብቻ ይለጥፉ፤ የቀረው ሁሉ ትርፍ ነው። እኔ ልብስ የምሸጠው በዚሁ መንገድ ነው፤ ዋጋ ሳልጽፍ የለጠፍሁ ቀን «ስንት ነው?» ለሚለው ጥያቄ መልስ ስሰጥ እውላለሁ።

ከመገናኛ

ለታፔላ ከሆነ ጽሑፉ ረጅም መሆን የለበትም፤ ከመንገድ ማዶ መነበብ አለበት። ለእኔ የሠራልኝ ሰው ስሙን በትልቁ፣ «ንጹህ የማር መሸጫ» የሚለውን ከሥሩ አድርጎ ነበር የሠራው። ታፔላው በላሜራ ነው ወይስ በባነር የሚሠራው?

ለነጋዴዎች የሚጽፍ

ለብዙ ዓመታት ለአነስተኛ ነጋዴዎች ስጽፍ ስለኖርሁ፣ ከሦስቱ አንዱን ከመጠቆሜ በፊት አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ጽሑፉን የሚያነበው ማን ነው? አንብቦ ሲጨርስስ ምን እንዲያደርግልዎት ይፈልጋሉ? ያለፈው ዓመት ጸሐፊ ይህን ሳይጠይቅ ሥራውን ተቀብሎ ከሆነ፣ ጥፋቱ ከአማርኛው አልነበረም።

ነገሩን ከራስዎ ማር ልነሳ። የላስታው ነጭ ማር በአዲስ አበባ ብርድ ፈጥኖ ይረጋል። ለቤቷ አንድ ኪሎ የምትገዛ እናት የረጋ ማር ስታይ በመጀመሪያ የምትጠረጥረው ስኳር ነው። ስለዚህ ለእርስዋ የሚጻፈው ነገር መጀመር ያለበት ከዚህ ጥርጣሬ ነው። መርጋት የማር ተፈጥሮ እንደሆነ፣ ብልቃጡን ለብ ያለ ውኃ ውስጥ አቁማ ብትተወው ቀስ ብሎ እንደሚቀልጥ፣ እሳት ላይ ግን መጣድ እንደሌለበት ይነገራት። መርጋቱ ብቻውን ለንጽሕናው ማስረጃ እንዳልሆነም አብሮ መጻፍ አለበት፤ «የረጋ ሁሉ ንጹህ ነው» ብለው ከጻፉ ነገ ሌላ ሰው ያጭበረብርበታል። ይህ ሁሉ በሰባት ወይም በስምንት መስመር ያልቃል፤ የሚጠቅመውም ብልቃጡ ላይ ወይም ገጽዎ ላይ ነው።

የባንክ ሠራተኛው ግን መርጋቱ አያስጨንቀውም። ማር በብዛት የሚቆረጠው ከአደይ አበባ በኋላ፣ በጥቅምትና በኅዳር ነው። እርስዎ ገንዘብዎን በሁለት ወር አውጥተው የዓመቱን ማር ይገዙና ዓመቱን ሙሉ በችርቻሮ ይመልሱታል። ብድር የሚፈልጉበት ምክንያት ይህ ከሆነ፣ እርሱ ማየት የሚፈልገው በየትኛው ወር ስንት ኩንታል በምን ያህል እንደሚገዙ፣ በየወሩ ስንት እንደሚሸጡ፣ ብድሩን ከየትኛው ወር ጀምሮ መክፈል እንደሚችሉ ነው። ያ አራት ገጽ ስለ አባቶቻችን የንብ እርባታ የሚተርክ ከነበረ፣ ሠራተኛው መልሶ መስጠቱ አያስደንቅም።

ከላይ «የቀረው ሁሉ ትርፍ ነው» ያሉት ወንድሜ ለቸርቻሪ ገዢ ከሆነ በግማሽ ልክ ናቸው። ልብስ በዓይን ይታያል፣ በእጅ ይዳሰሳል፤ ማር ግን በፎቶ አይቀመስም። ዋጋ ብቻ የተጻፈበት ማር ከጎኑ ካለው ርካሽ ማር ጋር በዋጋ ብቻ ይመዘናል።

ጠጅ ጣይ

እኔም የምለው አለኝ። ባለፈው ዓመት ከአንድ ማር ነጋዴ ገጽ ላይ «በጥንቃቄ የተጣራ፣ ሰፈፍ የሌለው» የሚል አንብቤ ሳልደውል አለፍሁ። ለጠጅ የምፈልገው ሰፈፉ ያለበትን፣ ያልተጣራውን ማር ነው፤ ዋጋው ይቀንሳል፣ እኔም እንዲያ ነው የለመድሁት። በኋላ እንደሰማሁት ያው ነጋዴ ያልተጣራም ይሸጥ ነበር። ከኪሎ ገዢዎች ይልቅ አንድ ጠጅ ቤት በአንድ ጊዜ ብዙ ያነሳል፤ ለእኛ የሚጽፍ ግን አላየሁም። ለእኔ የሚበቃኝ መጠኑ፣ ከየት እንደመጣ፣ ቆርቆሮው የማን እንደሆነና እስከ ፋሲካ ሳይቋረጥ መቅረቡ ነው።

ጠያቂዋ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ለታፔላ እንዳልሆነ ለከመገናኛው ወንድሜ ልግለጽ። ጥያቄውን ለራሴ ሳቀርበው ግን መልስ አጣሁ፤ ባንኩንም፣ የኪሎ ገዢውንም፣ ውጭ አገር ያሉትንም በአንድ ጽሑፍ ላዳርስ ነበር ሐሳቤ። አሁን ሳስበው መጋዘኔ ውስጥ ያለው ማር አብዛኛው የረጋ ነው፤ ደንበኞቼም የሚመልሱብኝ እርሱን ነው።

ከሲልቨር ስፕሪንግ

ውጭ አገር ስላሉት አንድ ቃል ልጨምር። እዚህ አሜሪካ ለሐበሻ ሱቆች ማር አስመጣለሁ። አቅራቢዎች የሚልኩልኝ ጽሑፍ በአብዛኛው ስለ ማሩ ጣዕም ነው፤ ጣዕሙን ግን እኔ አውቀዋለሁ። እኔ የምጠይቀው የእርጥበቱን መጠን ነው፤ ከ20 በመቶ በላይ ከሆነ በመንገድ ላይ ሊቦካ ይችላልና። ከዚያ የላቦራቶሪ ውጤት፣ የማሸጊያው ዓይነትና በአንድ ጊዜ ስንት ኪሎ ሊላክልኝ እንደሚችል ማየት እፈልጋለሁ። ይህ የሌለው ወረቀት ቢያምርም ለእኔ ምንም አያደርግልኝም። እህቴ፣ የላቦራቶሪ ውጤት ገና ከሌለዎት ለውጭ ገዢ የሚሆነውን ጽሑፍ አሁን አያስጽፉ።

ለነጋዴዎች የሚጽፍ

በዚህ እስማማለሁ። እንግዲህ ወደ ጥቆማው ልመለስ። ችግርዎ የረጋው ማር ከሆነ የወር ክፍያ አያስፈልግዎትም፤ በሳምንት ሦስት ጊዜ የሚጻፍ ነገር ስለሌለ ሰውየው በዓል በመጣ ቁጥር «መልካም በዓል» እያለ ገንዘብዎን ይወስዳል። ማተሚያ ቤቱ ብሮሹር የሚያዘጋጀው ወረቀት ለመሸጥ ነው፤ እርስዎ ግን የሚያስፈልግዎት በብልቃጡ ላይ የሚለጠፍ ወረቀት ነው፣ እርሱንም ጽሑፉ ካለቀ በኋላ ያሳትሙበታል። ስለዚህ ለብቻው የሚሠራውን እመርጣለሁ፤ በገጽ ሳይሆን በሥራው ዋጋ ይስማሙ፣ በገጽ የሚከፈለው ማሳጠር አይጠቅመውምና። ሲሄዱም ይህን በእጅዎ ጽፈው ይውሰዱለት፦ «አንባቢዋ ለቤቷ ማር የምትገዛ፣ የረጋ ማር አይታ የተጠራጠረች ሴት ናት፤ አንብባ ማሩን ሳትመልስ ለብ ባለ ውኃ እንድታቀልጠው እፈልጋለሁ።» ይህን አንብቦ ሌላ ጥያቄ የማይጠይቅዎት ጸሐፊ ከሆነ ሌላ ይፈልጉ።

የልብስ መደብር ባለቤት

በወር ክፍያው ላይ አልስማማም፤ ገጽ ዝም ካለ ሰው ይረሳዋል። ስለ ባንኩ ያልኸው ግን ትክክል ነው።

ጠጅ ጣይ

ለእኛ የሚሆነውስ? ያልተጣራ ካለሽ በውስጥ መስመር ጻፊልኝ።

ጠያቂዋ

ስድስት ቆርቆሮ አለኝ፣ ከከፋ የመጣ፣ ሰፈፉ ያልወጣለት። ነገ ጠዋት እጽፍልዎታለሁ። ለባንኩ የሚሆነውን ደግሞ መጀመሪያ ከሒሳብ ሠራተኛዬ ጋር የኅዳሩን ግዢ ቁጭ ብለን እንሠራዋለን።