በአውቶቡስ ውስጥ ያለው ክርክር ሒሳብ ብቻ ሆነብኝ፤ እርዱኝ

ሁለት ጓደኛሞች በረጅም ጉዞ ላይ መቼ እንደሚደርሱ የሚከራከሩበት አጭር ልቦለድ መሃል ላይ ቆመብኝ። መንገዱ 480 ኪሎ ሜትር ነው፤ የተነሱት ከጠዋቱ 2 ሰዓት። 6 ሰዓት ሲሆን 200 ኪሎ ሜትር ሄደዋል። አንደኛው የፍጥነት መለኪያውን አይቶ «80 ላይ ነን፤ 9 ተኩል እንደርሳለን» ይላል። ሌላው የቆሙበትን ሁሉ ቆጥሮ፣ «እስካሁን በሰዓት የሄድነው 50 ነው፤ ከ11 ተኩል በፊት የማይታሰብ ነው» ይለዋል።

ስሌቱ ልክ ነው፤ ችግሩ ንግግሩ ነው። ሁለቱም ቁጥራቸውን አንዴ ከተናገሩ በኋላ ቀጣዮቹ አሥር መስመሮች ያንኑ ይደጋግማሉ። ጎማ ባፈነዳ ሁለተኛውን የሚያስረታው አጋጣሚ እንጂ ጠባዩ ስላልሆነ ሰረዝኩት።

አሁን የተሻለ የመሰለኝ የሚቸኩለው የታመመች እናቱን መጠየቂያ ሰዓት በ10 ሰዓት እንዲያልፍበት ማድረግ ነው። የሰዓቱን መስታወት በአውራ ጣቱ ደጋግሞ ሲጠርግ ይታያል፤ ምክንያቱን ግን አይናገርም። ጓደኛው ይህን መቼ ይወቅ? «11 ተኩል» ከማለቱ በፊት ካወቀ ጨካኝ ይመስላል፤ በኋላ ካወቀ ደግሞ የሚመልሰው ቃል አጣሁለት። እዚህ ላይ ምን ይበል?